ሠላሳ ስምንት ቁጥር

ፍሰሐ አጭር ፕሮግራም ይወዳል። አሰላ ውስጥ በሚያስተምርበት ኮሌጅ ተማሪዎቹ ረጅም ኮድ ጽፈው ሲያመጡለት፣ «ይህ ሁሉ ወሬ ለምን አስፈለገ?» እያለ ግማሹን ይሰርዝላቸዋል። ስለዚህ የወጣቶች ሩጫ አዘጋጆች መጥተው «ልጆቹ ወደ ጭላሎ ተራራ ግርጌ ወጥተው ነው የሚመለሱት። ጭጋግ ካለ ሰው ሊጠፋብን ይችላል። ሳይመለስ የቀረውን የሚነግረን ነገር ሥራልን» ሲሉት፣ ዓይኑ በራ።

ካርድ የሚያነብ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ዕቃ ገጣጠመ። እያንዳንዱ ሯጭ ቁጥሩ ያለበትን ካርድ እጁ ላይ ያስራል፤ ከስታዲየሙ በር ሲወጣ አንድ ጊዜ፣ ሲመለስ ደግሞ አንድ ጊዜ ያስነካዋል። ከሩጫው በፊት በነበረው ስብሰባ ላይ ዕቃውን ከፍ አድርጎ ይዞ ለአዘጋጆቹና ለአሰልጣኞቹ አስረዳቸው።

«ይሄ የማንንም ስም አይመዘግብም። የሚይዘው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ከዜሮ ይነሳና ካርድ በተነካ ቁጥር የያዘውን ከካርዱ ቁጥር ጋር በኤክስኦር ያዋህደዋል።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ የአዘጋጆቹ ሰብሳቢ አሳምነው።

«ኮምፒውተር ቁጥርን የሚጽፈው በዜሮና በአንድ ነው። ኤክስኦር ሁለቱን ቁጥሮች ደርቦ ያያቸዋል። በአንድ ቦታ ላይ ያሉት ከተመሳሰሉ ዜሮ፣ ከተለያዩ አንድ ይጽፋል። አንድ ቁጥር ከራሱ ጋር ሲገናኝ ሁሉም ቦታ ይመሳሰላል፤ ስለዚህ ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል። ማን ቀደመ ማን ዘገየ፣ ቅደም ተከተሉ ምንም አይለውጥም። የወጣው ሁሉ ከተመለሰ ማሽኑ ላይ ዜሮ ይቀራል። አንድ ሰው ከቀረ ግን ጥንድ ያጣው የእሱ ቁጥር ብቻ ፍንትው ብሎ ይታያል።»

አጨበጨቡለት። ልታግዘው አብራው የመጣችው ተማሪው ኤፍራታ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ሁለት ሰው ቢቀርስ?»

«ሁለትማ አይቀርም፤ አንድ እንኳ ከቀረ ነው።»

«የተነካውን ቁጥር ሁሉ ብናስቀምጠው አይሻልም? ቦታ ይበቃናል እኮ።»

«እሱንማ የቀበሌ ዘበኛም ይሠራዋል» አለ ፍሰሐ። ሰዉ ሳቀ። ኤፍራታ አንገቷን ደፋች፤ ፍሰሐም ሳቁ ስለጣመው ጥያቄዋን እዚያው ረሳው።

የሩጫው ዕለት ማለዳው ብራ ነበር። ልጆቹ ፍሰሐ ፊት እየተጋፉ ካርዳቸውን አስነክተው ከበሩ ወጡና ተሰልፈው ተነሱ። የመጀመሪያዎቹ ሲመለሱ ግን ከተራራው በኩል ጭጋግ ተከትሏቸው ወርዶ የገብሱን ማሳ ውጦታል፤ ካፊያም ጀምሯል። ከሴቶቹ ሁለተኛ የወጣችው የሮቤዋ ፈይሩዛ ነበረች፤ ከጭንቅላቷ ላይ ሻሿ የተንሸራተተ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የለበሰች ቀጭን ልጅ። ካርዷን ስታስነካ ፍሰሐ ራሱ በሩ ላይ ቆሞ አይቷታል። ከሴቶች አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ወደ አትሌቲክስ ማሰልጠኛው ስለሚገቡ፣ ሜዳሊያው አንገቷ ላይ ሲጠለቅ የሮቤ ልጆች ጩኸት ስታዲየሙን ሞላው።

የሚመጣ ሰው ሲጠፋ አሳምነው ወደ ፍሰሐ ዞረ። «እስቲ ማሽንህን ጠይቀው። የቀረ አለ?»

ፍሰሐ ዕቃውን አየ። ሠላሳ ስምንት ይላል።

«ሠላሳ ስምንት» አለ ጮክ ብሎ።

«ሠላሳ ስምንትማ ያቻትና!» አለ አንዱ። ቁጥሩ ፈይሩዛ ደረት ላይ ነበር።

ፍሰሐ በዚያች ቅጽበት «አላውቅም፤ የሆነ ነገር ተሳስቷል» ማለት ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት ሲያገላብጠው የኖረው ይህችን ቅጽበት ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ያጨበጨበለት ሰው ከቦ እያየው ነው። ስለዚህ አሰበ፤ ሲያስብም የመጣለት ነገር ልክ መሰለው።

«ቁጥሯ የተነካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለ። «ስትመለስ እንዳስነካች በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ስትወጣ አላስነካችም።»

«እና?»

«ከዚህ አልተነሳችም ማለት ነው።»

ቃሉ እንደ ሰደድ እሳት ተያያዘ። መንገድ ላይ ነው የገባችው፤ በባጃጅ ነው የመጣችው፤ እኔም ስትነሳ አላየኋትም። ፈይሩዛ መጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ መስሏት ፈገግ ብላ ነበር።

«ወላሂ ከዚህ ነው የተነሳሁት!» አለች ኋላ። «ከሁሉም ጋር አስነክቼ ነው የወጣሁት። ጠይቋቸው!»

የሮቤ አሰልጣኝ ሀሰኖ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ወደ ፍሰሐ ጠጋ አሉ። «መምህር፣ ይቺን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። እርግጠኛ ነህ?»

«ኦቦ ሀሰኖ፣ ሰው ይዋሻል እንጂ ማሽን ምን ብሎ ይዋሻል?»

ሽማግሌው ወደ ልጅቷ ዞሩ። ከዚያ ሌላ ሰው እንዳይነካት ብለው ይመስላል፣ ሜዳሊያውን በገዛ እጃቸው ከአንገቷ አውጥተው ለአሳምነው ሰጡት። ፈይሩዛ አላለቀሰችም። ፍሰሐን ትክ ብላ አየችውና «ስወጣም አንተ በሩ ላይ ነበርክ» አለችው። በዚህች ቃል ፊቱን አዞረ። የሮቤዎቹ ሚኒባስ ብዙም ሳይቆይ ተነሳ፤ ያን ጊዜ የሚጮህ ልጅ አልነበረም።

ድንኳኑ እየተነቀለ ሳለ አንዲት ሴት ነጠላዋ በካፊያው ርሶ መጣች። ወይዘሮ ብርቄ ትባላለች፤ ልጇ ብሩክ ከሯጮቹ አንዱ ነው።

«ልጄ አልመጣም» አለች።

«ማሽኑ የቀረ የለም ብሏል» አላት አሳምነው። «አንድ ቁጥር ነው ያወጣው፣ እሱም የአጭበርባሪ ሆኖ ተገኘ። ልጅሽ ወደ ቤት ሄዶ ይሆናል።»

«ከቤት ነው የመጣሁት። ካርዱ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ነው፣ እኔ ነኝ ያሰርኩለት።»

ፍሰሐ ዕቃውን ደግሞ አየው። ብሩክ ካልተመለሰ አሥራ ዘጠኝ ጥንድ የለውም። ብቻውን ቀርቶ ቢሆን ማሽኑ አሥራ ዘጠኝ ይል ነበር። ያለው ግን ሠላሳ ስምንት ነው። ሁለት ሰው ከቀረ ደግሞ ማሽኑ የሚይዘው የአንዱንም ቁጥር አይደለም፤ የሁለቱን ውህድ ነው። ያ ውህድ የማንም ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ወጥቶ የተመለሰ፣ ካርዱን በደንብ ሁለቴ ያስነካ ሰው ቁጥርም ጭምር።

የውሃ ካርቶን ቀደደና ጻፈ። ሠላሳ ስምንት፦ 100110። ከሥሩ አሥራ ዘጠኝ፦ 010011። አሥራ ዘጠኝን መልሶ ቢያዋህድበት እሱ ይጣፋና ሌላኛው ይቀራል። የተመሳሰለው ዜሮ፣ የተለየው አንድ፦ 110101።

«ሃምሳ ሦስት» አለ። «ሃምሳ ሦስት ቁጥር ማን ነው?»

ኤፍራታ የምዝገባውን ወረቀት አየች። «ዛኪር። ከኦጎልቾ።»

በድምፅ ማጉያ ተጠራ። መልስ የሰጠ የለም። ብቻውን ነበር የመጣው፤ የምትፈልገው እናት እዚያ አልነበረችም።

«ሁለት ልጆች ተራራ ላይ ናቸው» አለ ፍሰሐ።

ኤፍራታ ከትከሻው በላይ ሆና ካርቶኑን አየች። ሁለት ሰው ቢቀርስ ብላ ጠይቃው ነበር፤ አሁን ግን ያንን አላነሳችበትም። «ከሁለት በላይም ከሆኑ ይሄ ሒሳብ አይሠራም» አለችው ብቻ። «እኔ እዚህ ቀርቼ ሁሉንም በስም ልጥራ፣ ስልክ ላለውም ልደውል።» ፍሰሐ ራሱን ነቀነቀ። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በአሳምነው መኪና ወደ ላይ ወጡ። ጭጋጉ ከመብራቱ ፊት እንደ ግድግዳ ቆሟል። መኪናው መቀጠል ሲያቅተው ወርደው እየተጣሩ በእግር ሄዱ። ወይዘሮ ብርቄ ከሁሉም ቀድማ «ብሩኬ! ብሩኬ!» ትላለች። መንገድ ላይ አሳምነው ዝግ ብሎ ጠየቀ።

«የሮቤዋ ልጅስ?»

ፍሰሐ እንዳልሰማ ሆነ። ሰምቷል። ቅድም ስታዲየሙ ውስጥ ድምፅ ማጉያው እጁ ላይ ሳለ፣ ሰዉም ገና ሳይበተን፣ ስለ እሷ አንዲት ቃል መናገር ይችል ነበር። «ልጆቹ ይቅደሙ» ብሎ ለራሱ ምክንያት ሰጥቶ ነበር። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ግን ፈርቶም ነው።

«ልጅቷስ አልኩህ እኮ» አለ አሳምነው።

«ሮጣለች» አለ ፍሰሐ። «ሙሉውን ሮጣለች።»

ሁለቱን ልጆች ያገኟቸው ከመንገዱ ወጣ ብሎ ካለ የድንጋይ ካብ ሥር ነው። ብሩክ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ መቆም አልቻለም። ዛኪር ከፊት ቡድን ጋር እየሮጠ የወደቀውን ልጅ ጩኸት ሲሰማ የተመለሰ ነው፤ ቱታውን አውልቆ ለብሩክ አልብሶ፣ እሱ በካናቴራ ከንፈሩ ጠቁሮ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ትመጣላችሁ ብለን ነበር» አለ ዛኪር። «ማሽኑ ያውቃል ብለውን ነበር እኮ።»

ፍሰሐ ጃኬቱን አለበሰው። ሌላ የሚሰጠው ነገር አልነበረውም። ሲወርዱ ኤፍራታ ደወለች፤ ሌሎቹ ሁሉ በየቤታቸው ናቸው።

በማግስቱ ፍሰሐ ሜዳሊያውን ኪሱ ከቶ በሚኒባስ ሮቤ ሄደ። ፈይሩዛን ልምምድ ሜዳው ላይ ከቡድኑ ጋር አገኛት። ኦቦ ሀሰኖ ሲያዩት ነገሩ ገባቸው መሰል፣ ሰላምታውን ሳይመልሱ መሬት መሬት አዩ።

ለብቻዋ ጠራትና ሜዳሊያውን ዘረጋላት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ማሰልጠኛው ቦታሽን እንዲመልስልሽ አሳምነው ጽፏል። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ፈይሩዛ እጇን አልዘረጋችም። «ትናንት ስትናገር ለብቻዬ ነበር የነገርከኝ?» አለች።

«አይደለም።»

«እናቴ ከገበያ አልቅሳ ነው የገባችው። ጎረቤት እንደ ሌባ ነው ያየኝ። ለነሱ ንገራቸው።» በአገጯ ወደ ልጆቹ አመለከተች። «ከዚያ ገበያ እንሄዳለን።»

ልጆቹ ፊት ቆመ። በአማርኛ የተናገረውን ለሁሉም እንዲደርስ በተሰባበረ ኦሮምኛም ደገመው፤ አንዳንዱ ቃል ሲጠፋበት ትንንሾቹ ሳቁ፣ ሳቁንም ዋጠው። ማሽኑ እንዳልዋሸ፣ ማሽኑን የማይሆን ጥያቄ የጠየቀው እሱ እንደሆነ፣ ሁለት ሰው ቢቀርስ የተባለውንም በሳቅ እንዳለፈ ነገራቸው። ኦቦ ሀሰኖ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እኔም በእጄ ነው ያወጣሁት» አሉ። «በማሽን አምኜ ልጄን ካድኩ።»

ገበያው ውስጥም እናቷ በርበሬ የምትሸጥበት ቦታ ቆሞ ያንኑ ተናገረ። እናትየዋ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ይቅር አላለችውም፣ አልረገመችውምም፤ «ውሃ ትጠጣለህ?» አለችውና የሚቀመጥበት በርጩማ አቀረበችለት። ፍሰሐ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ እያለፈ ያየዋል፤ እሱም ውሃውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀና ብሎ መታየቱን ቻለው።