ገዢ የሌለው ደረሰኝ

"ይሄ አይሆንም፣ አጎቴ" አለችው ልጅቱ፣ የወረቀቱን ክምር በጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ እየገፋች።

ሜትር ከወንበሩ ብድግ አለ። ፊቱ ደም መሰለ። "ሰርቀሃል ማለትሽ ነው?"

"እኔ?"

"አይ፣ ንገሪኝ እንጂ! ሠላሳ ሦስት ጊዜ ብረት ገዛሁ፣ ሠላሳ ሦስት ወረቀት አመጣሁ። ቁጠሪው። አንዲት ሳንቲም ብትጎድል ከደሞዜ ቁረጪ።"

"ቆጥሬዋለሁ። ምንም አልጎደለም። ቁጭ በል በሞቴ።"

ቁጭ አለ፤ ግን የወንበሩ ጫፍ ላይ ነው። ሜትር የሚሉት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ያለ ጥቅል ሜትሩ ከደጅ ወጥቶ አያውቅም። የበርና መስኮት ወርክሾፑን ያቋቋመው ታላቅ ወንድሙ ነበር። እሱ ከሞተ ስምንት ወር ሊሞላው ነው። ንግድ ፈቃዱ በሚስቱ ስም ዞሯል፣ አዲስ የግብር መለያ ቁጥርም ወጥቷል። ሒሳቡን እስካለፈው ወር ድረስ በወር አንድ ቀን ብቅ የሚል ሰው ይሠራው ነበር፤ አሁን የያዘችው ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጣችው የሟቹ ልጅ ናት። ላሜራና አንግል ብረት መግዛት ግን ያኔም አሁንም የሜትር ሥራ ነው።

"ስማኝ" አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "በር ስንሸጥ ከደንበኛው ታክስ እንቀበላለን። ብረት ስንገዛ ደግሞ እኛ ታክስ እንከፍላለን። የከፈልነውን ከተቀበልነው ላይ ቀንሰን የቀረውን ነው ለመንግሥት የምናስገባው። ግን የከፈልነው እኛ መሆናችንን ወረቀቱ መናገር አለበት።"

"ታክሱ ይኸው፣ ታች ላይ ተጽፏል።"

"ተጽፏል። የሻጩ ስምም አለ፣ ቁጥሩም አለ፣ ዕቃውም አለ። የገዢውስ? ይሄን ከሱቁ በር ላይ ያነሣ መንገደኛ ሁሉ የኔ ነው ሊል ይችላል። ለቤቱ የሚገዛ ሰው ይበቃዋል። እኛ ግን ስማችንና ቁጥራችን ያለበት ሙሉ ደረሰኝ ከሌለን መቀነስ አንችልም።"

ከመሳቢያዋ ደብዳቤ አወጣች። ያለፈው ሒሳብ ሠራተኛ ሰባት ወር ሙሉ እነዚህን የማሽን ወረቀቶች እየደመረ ሲቀንስ ኖሯል። የታክስ ቢሮው ደርሶበታል። እስከ ዓርብ ሙሉ ደረሰኞቹ ካልቀረቡ የተቀነሰው ሁሉ ከነቅጣቱና ከነወለዱ ይከፈላል።

"ገንዘቡ አለን?" አለ ሜትር።

"የለንም። የሚሸጥ ነገር ቢኖር የላሜራ ማጠፊያው ነው።"

ሜትር በመስኮቱ ወደ ወርክሾፑ አየ። ማጠፊያው ላይ ሁለት ሰዎች ጎንበስ ብለው ይሠራሉ። ለትምህርት ቤት አርባ ሁለት በር ተዋውለዋል። ያ ማሽን ከሄደ በሮቹም ሄዱ።

"አባዬ እያለ የመጡት ሁሉ ሙሉ ናቸው" አለች ልጅቱ። "ፋይሉን አይቻለሁ። ያኔም የምትገዛው አንተ ነህ። ለምን ተውከው?"

"ወረፋው ነዋ" አለ ሜትር። ቀና ብሎ አላያትም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ብረት መሸጫው አብረው ሄዱ። ገንዘብ ተቀባይዋ ከመስታወቱ ጀርባ ገና ስታየው ሳቀች።

"ጋሽ ሜትር! ዛሬ ደግሞ ጠባቂ ተመደበብዎ?"

ልጅቱ የመጡበትን ነገረቻት። ሴትየዋ እጇን ዘረጋች።

"የኔ እህት፣ እምቢ ያሉት እኮ እሳቸው ናቸው! ሙሉ ልጻፍልዎ ወይ እላለሁ፤ ተዪው፣ በማሽኑ ብቻ ምቺልኝ ይሉኛል። እኔማ ወንድማቸው ምን ይላሉ እያልኩ... ለመሆኑ ደህና ናቸው? ሰላምታቸውን ብቻ እየላኩ ቀሩብን።"

ሜትር መሬት መሬቱን አየ። ከቀብሩ በኋላ መጀመሪያ የመጣ ቀን ትዝ አለው። ሴትየዋ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እሱ አዙራ፣ "በዚሁ ስም ነው አይደል?" አለችው። የወንድሙ ስም፣ ከነአባቱ፣ ከነስልክ ቁጥሩ እዚያ ቁጭ ብሏል። በዚህ አይደለም፣ አጥፊው፣ የሚስቱን ጻፊ ማለት ነበረበት። አላለም። ከኋላው ሰው ተሰልፏል። በማሽኑ ብቻ ምቺልኝ አለ። ደህና ነው ወይ ስትለው ደግሞ፣ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል አላት። በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን ልንገራት ቢል ያለፈው ውሸት አፈጠጠበት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት ወር።

"አባቴ ሞቷል" አለች ልጅቱ። "ገዢዋ እናቴ ናት። ስሙን ቀይሪልን።"

ሴትየዋ አፏን ያዘች። ሜትርን አየችው፣ ልጅቱን አየቻት፣ ከዚያ ተነሥታ የፋይናንስ ኃላፊውን ጠራች።

ኃላፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወረቀቶቹን በየወሩ ለያቸው። ሁለቱን ወደ ጎን አደረገ። "እነዚህ የዚህ ወር ናቸው። ዋናውን ወረቀት መልሱልኝ፣ ሽያጩን በማሽኑ ሰርዤ በእናንተ ስም ሙሉ እጽፍላችኋለሁ።"

"ሠላሳ አንዱስ?" አለ ሜትር።

"የእነሱ ወር ተዘግቷል። ታክሳቸውን ለመንግሥት አስታውቀናል። መመለሻ ጊዜያቸውም አልፏል። አሁን ሙሉ ብጽፍልዎ አንድ ብረት ሁለት ጊዜ ሸጥኩ ማለት ነው። የዛሬውን ቀን ብጽፍ ሁለተኛ ታክስ እከፍላለሁ፣ የድሮውን ብጽፍ እታሠራለሁ።"

"ወንድሜ አሥራ ስድስት ዓመት ደንበኛችሁ ነበር።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ። ነፍሳቸውን ይማር።"

ልጅቱ ሁለቱን ደረሰኝ ተቀብላ ስሙንና ቁጥሩን ፊደል በፊደል አየች። ሲወጡ ነው ለሜትር ያስረዳችው። የዚህ ወር ሒሳብ ገና ለታክስ ቢሮው አልቀረበም፤ ሁለቱ ደብዳቤው ውስጥ የሉም። ከተጠየቁት አንዱም አልዳነም ማለት ነው።

ዓርብ ዕለት ሜትር ከልጅቱ ጋር ታክስ ቢሮ ሄዶ ኦዲተሯ ፊት ቆቡን በእጁ ይዞ ቆመ። ጠረጴዛዋ ላይ ሠላሳ አንዱ ወረቀት በስቴፕል ተያይዞ ተቀምጧል።

"እኔ ነኝ የገዛሁት። በገዛ ትከሻዬ ነው የጫንኩት። ከፈለጉ ወርክሾፑ መጥተው በሮቹን ይዩ። ብረቱ እዚያ ነው።"

"አምንዎታለሁ፣ አባት" አለች ኦዲተሯ። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። "ግን ፋይሉ ውስጥ የማስገባው እርስዎን አይደለም።"

የውሳኔውን ቅጽ ፈረመችና ለልጅቱ ሰጠቻት። ቅሬታ ለማቅረብ ስንት ቀን እንዳላቸውም ነገረቻት። ልጅቱ አመሰገነች። የሚቀርብ ማስረጃ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ።

ማታ ሜትር ለወንድሙ ሚስት እሱ ራሱ ነገራት። ሳያሳጥር፣ ወረፋ ሳይል። እሷ የተተረተረ የብርድ ልብስ ጠርዝ እየጠቀመች ሰማችው።

"ሰላም ብሎሻል አልካት?" አለችው።

"አልኳት።"

"ሰባት ወር ሙሉ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። "እኔ ደግሞ በየቢሮው እየዞርኩ ሞተ፣ ሞተ፣ ሞተ ስል ነበር የከረምኩት" አለች። "ማኅተም እስኪመታልኝ። አንተ አንዴ ማለት አቃተህ።"

ሜትር ቆቡን አንሥቶ ወጣ።

ማጠፊያው በአሥራ አንደኛው ቀን ተሸጠ። ገንዘቡ ታክሱንና ቅጣቱን ሸፈነ፤ ወለዱ በየወሩ እንዲከፈል ውል ተፈረመ። የትምህርት ቤቱ በሮች ለሌላ ወርክሾፕ ተሰጡ፣ ማሽኑ ላይ ይሠሩ የነበሩት ሁለቱ ሰዎችም ተሰናበቱ። ብረት የምትገዛው ልጅቱ ሆነች።