ሹሙን ያስቀደመው ማስጠንቀቂያ

ኔኬሳ ለሐይቅ ዳሯ ከተማ ለኪሱሙ ዓሣ አጥማጆች በስልክ የሚላከውን የማዕበል ማስጠንቀቂያ ለአለቃዋ ለኦዌሮ አሳየችው። አስተያየት ከሰጡት ሦስት ሰዎች አንዱንም ላለማስቀየም የሁሉንም አስገብታለች። ከላይ የአውራጃው ሹም ያዘዙት ረጅም ሰላምታ ሰፍሯል። ቀጥሎ የአየር ትንበያ ባለሙያው "እርግጠኛ ስላልሆንን 'ሊነሣ ይችላል' በሉ" ያለው አለ። የአጥማጆቹ ሊቀመንበር ደግሞ "እንደዚያ ካላችሁማ ማንም አይቀርም፤ አትውጡ በሉ" ብሎ ነበር፤ የእሱ ቃል መጨረሻ ላይ ተወሽቋል።

"አንቺ፣ ይሄ የሠርግ ጥሪ ነው እንዴ?" አለ ኦዌሮ። "ማን ነው የሚያነበው?"

"ጀልባውን ሊገፋ የተዘጋጀ ሰው።"

"ምን እንዲያደርግ?"

"እንዲቀር።"

ይህን ስትል ፊቷ ጋለ። የአስተያየቶቹን ቅደም ተከተል የወሰነችው በሰዎቹ ማዕረግ ነበር።

ሰላምታውን ሰረዘች። የሊቀመንበሩን ምክር አስቀደመች፤ የባለሙያውንም ጥንቃቄ አልጣለችም፦ "ዛሬ ማታ አትውጡ። ሐይቁ ላይ ኃይለኛ ንፋስ ሊነሣ ይችላል።"

"ለሹሙ እኔ ልደውልልሽ?" አለ ኦዌሮ።

"ተወው፣ እኔው እነግራቸዋለሁ" አለች፤ ቀና ብላ ግን ልታየው አልቻለችም።

መልእክቱን ላከችና የሹሙን ቁጥር መፈለግ ጀመረች።