በእርሳስ የተጻፈው

ባላቸው ጋሽ አምኃ ከተቀበሩ ወዲህ እማማ ብርሃኔ የዱቤ ደብተሩን በእጃቸው አልነኩትም። የሟች ጫማ ሲያዩት ያስፈራል ይባላል፤ እሳቸውን ያስፈራቸው ግን ጫማው ሳይሆን ጽሕፈቱ ነበር። ጫማ ዝም ይላል። ደብተር ሲገለጥ ይናገራል።

ሱቋ ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ወደ ላይ የሚወጣው ዳገት መሃል ላይ ናት። ከነሐሴ ጀምሮ እማማ ብርሃኔ በጥሬ ብር ብቻ ሲሸጡባት ቆይተው ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው የሸጎሌው ነጋዴ ቶለሳ ሱቋን እንዲገዛቸው ተስማሙ። ስምምነቱ ቀላል ነው፦ ዕቃው በቆጠራ፣ ሰው ላይ ያለው ዱቤ በግማሽ ዋጋ። ዱቤውን ቶለሳ ራሱ ዞሮ ይሰበስባል።

«ደብተሩን ግን እኔ ማንበብ አልችልም እማማ» አለ ቶለሳ። «የጋሽ አምኃ ጽሕፈት ሐረግ ነው፣ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ የት እንደሚገባ አይታወቅም። በስልክ የሚከፈት ዝርዝር ያሠሩልኝ። ስም፣ ቀን፣ ያለበት ብር። በቃ።»

የልጅ ልጃቸው ሊድያ ማተሚያ ቤት ውስጥ ጽሑፍ ትተይባለች፤ ነገሩን ማክሰኞ ጀመረችው። ደብተሩን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ዘርግታ አርባ አንዱን ገጽ አንድ በአንድ በስልኳ አነሳች። እማማ ብርሃኔ ራቅ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቆሙ።

«እይው እንጂ እማዬ፣ አይነክስሽም!»

«ከስልኩ ላይ አየዋለሁ።» ስታሳያቸው ግን ዓይናቸውን አጠበቡ። «ይሄ ደብዛዛ ነው፣ ምኑም አይታይ። ደመቅ አድርጊው!»

ሊድያ አንድ ነገር ነካች። ቢጫው ወረቀት ነጣ፣ ጽሕፈቱ ሁሉ እኩል ጠቆረ። «ይኸው፣ አሁን ለሚያነበው ማሽንም ይቀለዋል» አለች። ከዚያ ፎቶዎቹን ለስልኳ ፕሮግራም ሰጠችው፤ እሱም እያነበበ በሰንጠረዥ መለሰላት። ቶለሳ ስለ ቸኮለ ረቡዕ ማታ «ገና ያልታረመ ነው» ብላ ላከችለት።

ሐሙስ ጠዋት እርማቱን ጀመሩ። ሊድያ በአንድ ዓይኗ ፎቶውን በሌላው ሰንጠረዡን እያየች ጮክ ብላ ታነባለች፤ እማማ ብርሃኔ ባንኮኒው ጥግ ቁጭ ብለው ያደምጣሉ። ማሽኑ ጎበዝ ቢሆንም ስህተት አያጣውም። ጋሽ አምኃ «ከላይ እንዳለው» ለማለት የሚጭሯቸውን ሁለት ጭረቶች አሥራ አንድ ብሎ ቆጥሯቸዋል። አንዱንና ሰባቱን ያምታታል። ቀኑን ወደ ፈረንጅ ሊመልሰው ሲል ሊድያ ከልክላዋለች፤ በእኛው እንዳለ ይቀመጥ ብላ። የተሰረዘ መስመር ሁሉ የተከፈለ ዕዳ መሆኑንም ነግራዋለች።

«ቀጥሎ፣ እንድርያስ» አለች ሊድያ። «ግንቦት አራት፣ ዳቦ። ግንቦት ዘጠኝ፣ ዘይት ግማሽ ሊትር። ሰኔ ሁለት...»

«ቆይ ቆይ። የትኛው እንድርያስ?»

«‹እንድርያስ ሸማኔው› ይላል።»

የእማማ ብርሃኔ እጅ ነጠላቸው ላይ ቆመ። «የስንት ዓመተ ምሕረት ግንቦት?»

«ያምናው። አሥራ ሰባት።»

«ልጄ፣ እንድርያስ የሞተው ባምናው ጥር ነው። እኔው ራሴ ለቅሶ ደርሻለሁ።»

ሊድያ ስልኩን ቀረብ አደረገች፣ ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችው። «ማሽኑ አልተሳሳተም እማዬ። ራሱ የአባባ ጽሕፈት ነው። እስከ ሐምሌ ሃያ ስምንት ይሄዳል። ዳቦ፣ ሳሙና፣ ደብተር ሁለት፣ ዘይት። ሦስት ሺህ አምስት መቶ ሰባ አምስት ብር።»

«በስመ አብ!»

«የሞተ ሰው ሳሙና ምን ያደርግለታል?» ሊድያ ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

እማማ ብርሃኔ በሩን አዩ። ዳገቱ ላይ ሰው ይወጣል ይወርዳል፣ ቀን ነው፣ ፀሐይ ነው፤ ሆኖም እንድርያስ ሸማኔው እንደ ልማዱ ፈትል የተንጠለጠለበት ካፖርቱን ለብሶ ደፉ ላይ የቆመ መሰላቸው። ከዚያ የባሰ ሐሳብ መጣባቸው። የሞተ ሰው ዱቤ አይወስድም። ካልወሰደ፣ የሚጽፍበት ሕያው አለ። የሚጽፈውም አምኃ ነው። ሟች ‹አልወሰድኩም› ብሎ አይከራከር፤ ዕዳውን ልጁ ትከፍላለች። ሃና እኮ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ነጠላ እየሸጠች ታናሽ እህቷን ታሳድጋለች። አርባ ሁለት ዓመት አብሬው የተኛሁት ሰው የወላጅ አልባ ሐቅ በልቶ ነው የሄደው? ቅዳሴ ያስቀደስኩለት፣ ተዝካር ያወጣሁለት?

«ምናልባት አባባ በመጨረሻ... እ... ማለቴ፣ ትንሽ ይረሳ ነበር» አለች ሊድያ ቀስ ብላ። «ድምሩንም እዚህ ጋ ተሳስቷል። ዕዳው እንዲህ ተደርድሮ፣ ከገጹ ግርጌ ‹ባዶ› ብሎ ጽፏል።»

«ምን አልሽ?»

«‹ባዶ›። ሌሎች ገጾች ላይም የግርጌው ድምርና የእኔ አይገጥሙም። እሱ በጠቅላላው ሠላሳ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሃያ ይላል፣ የእኔ አርባ ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥር ይመጣል።»

«አምኃ ብዙ ነገር ይሳሳታል» አሉ እማማ ብርሃኔ ተነሥተው። «ሰው ይሳሳታል፣ ስም ይሳሳታል፣ የጋብቻችንን ቀን እንኳ ይሳሳታል። ድምር ግን አይሳሳትም። ደብተሩን አምጪው።»

«አንቺ ልትገልጪው?»

«አምጪው አልኩሽ!»

ገለጡት። ሽታው መጣ፤ የስኳር ጆንያና የአምኃ እጅ ሽታ። የእንድርያስን ገጽ ሲያገኙ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ፤ ጥቂት ቆይተው ገጹን ወደ ፀሐዩ አዘነበሉት።

ከላይ ያሉት መስመሮች በሰማያዊ እስክርቢቶ ተጽፈው፣ ሁሉም ተሰርዘው፣ ከጎናቸው «ዕድሩ ከፈለ» ተብሏል። ከጥር በታች ያሉት ግን በእርሳስ ናቸው። ግራጫ፣ ቀላል፣ ወረቀቱን እንኳ ያልተጫነ እርሳስ።

ሊድያ አፏን በእጇ ያዘች። «ፎቶውን ሳደምቀው... ሁሉንም አንድ ዓይነት ጥቁር አደረገው። ልዩነቱን በላው እኮ!»

«እኔ ነኝ አድምቂው ያልኩሽ።»

ወደ ኋላ ገለጡ። በየገጹ ወረቀቱ በላጲስ ተፈትጎ የሳሳበት ቦታ አለ፤ ከሥሩ የጠፋው ጽሕፈት እንደ ጥላ ይታያል። ወተት። ዳቦ። የመድኃኒት መግዣ። ከእያንዳንዱ ፍትግታ ጎን ደግሞ በጣም ደቃቅ በሆነ እስክርቢቶ አንድ ቀንና ሁለት ቃል አለ፦ «ከጡረታ ገባ»።

እማማ ብርሃኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጡረታው የት እየገባ ነው ብለው ተጨቃጭቀዋል። ጠጥቶት ይሆን ብለዋል፤ አንዴም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው፣ ሴት አለው ብለው ለንስሐ አባታቸው ከሰውታል። አምኃ ዝም ይል ነበር። በእስክርቢቶ የሚጠየቀውን ዕዳ፣ በእርሳስ የማይጠየቀውን ይጽፋል፤ ከጡረታው የቻለውን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ያን ያህል እርሳስ ያጠፋል። የመጨረሻዎቹን ሳያጠፋ ሞት ቀደመው።

«ቶለሳ ጋ ደውይ። አሁኑኑ!»

ቶለሳ ስልኩን ያነሣው እየሳቀ ነው። «እማማ፣ ዝርዝሩ አንጀት ያርሳል! ሦስት አራት ሰው ጋ ደውዬ ጀምሬያለሁ።»

«ማን ማን ጋ ደወልክ?»

«እ... ጉታ ጋ፣ ዓለሜ ጋ፣ የሸማኔው ልጅ ናት ያሉኝ አንዲት ሃና ጋ...»

«ምን አልካት?»

«ያባትሽ ዕዳ አለብሽ አልኳት፤ ሌላ ምን እላታለሁ?»

«ስማኝ ቶለሳ። ዝርዝሩ ስህተት ነው። ስምንት ሺህ አራት መቶ ዘጠና ብር የሌለ ዕዳ አለበት። ሊድያ ሌላ ትልክልሃለች፤ የላከችልህን አጥፋው።»

«እማማ፣ በዚያ ሂሳብ ነው እኮ የተዋዋልነው። አራት ሺህ ከዚያም በላይ ይጎድልብዎታል።»

«ይጉደልብኝ! አንተ ብቻ ዳግመኛ እንዳትደውልላት።»

ሊድያ ሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ጨመረች፤ በየመስመሩ እስክርቢቶ ወይም እርሳስ እያለች ከደብተሩ ጋር እያመሳከረች ትሞላ ጀመር። ማመሳከሩ ሲያልቅ የእስክርቢቶው ድምር ሠላሳ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሃያ መጣ፤ ከአምኃ ግርጌዎች ጋር ሳንቲም ሳይጎድል። እማማ ብርሃኔ ይኼን ሲሰሙ ተነፈሱ። ትንፋሹን ሳይጨርሱት ሃና በሩ ላይ ቆመች።

ዳገቱን ሮጣ ወጥታለች። እጇ ውስጥ የተጨማደዱ የብር ኖቶች አሉ።

«እማማ፣ ሺህ ብር ነው ያገኘሁት። ቀሪውን በየሳምንቱ አመጣለሁ።»

«ግቢ ልጄ፣ ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። «ጋሽ አምኃ ‹አባትሽ እኔ ጋ ያስቀመጠው ገንዘብ አለ፣ እስኪያልቅ ውሰጂ› ነበር ያሉኝ። እኔም ያባቴ ነው ብዬ ነው የወሰድኩት። ለእህቴም ‹አባዬ አስቦልን ነው የሞተው› እያልኩ ነው የማበላት።» «ታዲያ ውሸት ነው? አባቴ ምንም ሳይተውልን ባለዕዳ ሆኖ ነው የሞተው?»

ሊድያ ቀና አለች። እውነቱ ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ ተቀምጧል፣ በእርሳስ። እማማ ብርሃኔ ደብተሩን በክንዳቸው ሸፈኑት።

«ማሽኑ ነው የተሳሳተው» አሉ። በሕይወታቸው እንዲህ ቀጥ ብለው ዋሽተው አያውቁም። «ሊድያ፣ አሳያት።»

ሊድያ ስልኩን አዞረችላት። እንድርያስ ሸማኔው፦ ባዶ። ሃና ደጋግማ አየችው፣ በጣቷ ነካችው፣ ከዚያ ብሩን ጨብጣ አለቀሰች።

«ብርሽን ያዢ» አሉ እማማ ብርሃኔ። «አባትሽ የሰው ዕዳ የለበትም።»

ልጅቷ ፊቷን ጠረገች። ልትወጣ ዞራ ደፉ ላይ ቆመች። «እማማ... ካስቀመጠው ታዲያ ቀሪ ይኖር ይሆን? ነሐሴ ላይ ስመጣ ዱቤ የለም ስላሉኝ አልቋል ብዬ ነው።»

እማማ ብርሃኔ ጀርባቸው ላይ ቀዝቃዛ እጅ ያረፈ መሰላቸው። ዘወር አላሉም።

«አለ። ትንሽ ቀርቷል። ለዛሬ ምን ጎድሎሻል?»

«ሳሙና።»

ከመደርደሪያው አንድ አንሥተው ሰጧት። ሃና ዳገቱን ስትወርድ ሊድያ በሹክሹክታ «እማዬ፣ ዕቃው እኮ ለቶለሳ ተቆጥሯል» አለች።

«አንድ ሳሙና ይጎድልሃል በይው። ወደፊት ሃና የምትወስደውንም በየወሩ ከእኔ ይጠይቅ።»

መሳቢያውን ሲከፍቱ ያምኃ እርሳስ እዚያው ነበር፤ ጫፉ በጥርሱ የተነከሰ። ከሐምሌ ሃያ ስምንት ሥር ጥቅምት ብለው ጻፉ፣ ሳሙና ብለው ጻፉ፣ ስልሳ ብር። ራቅ አድርገው ሲያዩት የሳቸው ፊደል ከሱ ፊደል አልለይ አላቸው። እማማ ብርሃኔ አማትበው ደብተሩን ዘጉት፤ ቆይተው ግን መልሰው ገለጡት፣ የቱ የማን እንደሆነ ለማየት።