የነዋል የውሃ ሚዛን

ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነዋል ልብሷ ወልቆ ሚዛን ላይ ስትቀመጥ፣ ቁጥሩ ተንቀጠቀጠና ስድስት ኪሎ ከአራት መቶ አርባ ግራም ላይ ቆመ። ሰኞ ከጨፋ ሮቢት ስትመጣ ድፍን ስድስት ኪሎ ነበረች። የአሥራ አራት ወር ልጅ ናት፤ እናቷ ረቢአ ሌላ ፀንሳ ጡት ካስጣለቻት ሁለት ወር ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ተቅማጡ መጣ፣ ሥጋዋ እንደ በጋ ወንዝ ሟሸሸ፣ ሰኞ ዕለት ከሚሴ ሆስፒታል አምጥተው በከፋ የምግብ እጥረት የታመሙ ሕፃናት ክፍል አስተኟት።

«ማሻአላህ በሉ እንጂ» አሉ የረቢአ አክስት እማ አሻ፣ ሚዛኑን ከበው ለቆሙት አስታማሚዎች። «አፋችሁን ከፍታችሁ ታያላችሁ?»

«ማሻአላህ» አሉ ሁሉም።

ነርሷ ሲስተር ዑሙልኸይርም አብራ አለች። አለች እንጂ ልቧ አልተከተላትም። በዚህ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ አብዛኛውን የምታውቀውንም ማንም አላስተማራት፣ በትርፍ ሰዓቷ መመሪያውን እያገላበጠች፣ የእናቶችን ወሬ እያዳመጠች ያገኘችው ነው። ነዋል የምትጠጣው የመጀመሪያው ወተት፣ ኤፍ ሰባ አምስት የሚሉት፣ ሰውነትን ለማረጋጋት የሚሰጥ ቀጭን ወተት ነው። አያወፍርም። ታዲያ በሁለት ቀን ይህን ያህል ግራም ከየት መጣ?

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዶክተር ኤርሚያስ ሕሙማን ሊጎበኝ ገባ። ወጣት ነው፤ ትሑትና ፈጣን። የክብደቱን መስመር አየና ፊቱ ፈካ።

«ይቺማ ድናለች። ወተቱንም ትጨርሳለች። ዛሬ ወደ ሁለተኛው ወተት እናሸጋግራት፣ ሲስተር።»

ሁለተኛው ወተት ወፍራሙ፣ ሥጋ የሚያበጀው ነው። ዑሙልኸይር የነዋልን ደረት ትመለከት ነበር። ሰዓቷን አውጥታ ትንፋሿን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠረች፤ አርባ ስድስት። ማክሰኞ ሠላሳ ስምንት ነበር። የልብ ምቷም ከመቶ ሃያ ወደ መቶ አርባ ስምንት ወጥቷል።

«ዶክተር፣ አንድ ሰዓት ይስጡኝ» አለች። «ወረቀቶቹን አንድ ላይ ላስቀምጣቸው። ይህ ክብደት ሥጋ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ውሃ ከሆነ ግን ወፍራሙን ወተት ስንጨምርባት ልቧ አይችለውም።»

ዶክተሩ ደረቷን አዳመጠ፣ ጉበቷን ዳሰሰ። «እሺ። እስከዚያ ሬሶማሉ ይቁም፤ የሦስት ሰዓቱም ወተት ይቆይ። ስኳሯን ለኩ፤ ከወረደ ጥቂት የስኳር ውሃ በሲሪንጅ። ትንፋሿም በየግማሽ ሰዓቱ ይቆጠር።» ሬሶማል ተቅማጥ በወጣ ቁጥር እንደ ነዋል ላሉ ልጆች የሚሰጥ የሕይወት አድን ውሃ ነው።

ወረቀቶቹ መዓት ነበሩ። የወተቱ በአንድ ገጽ፣ የሬሶማሉ በሌላ፣ ትውከቱ በነርሶች ማስታወሻ፣ ክብደቱ በግራፍ፣ የዳይፐሩ ደግሞ ዑሙልኸይር ራሷ እየመዘነች በየገጹ ጥግ የጫረችው። እያንዳንዱ ለብቻው እውነት ይናገራል፤ ግን ተገናኝተው አያውቁም። አንድ ወረቀት አጋድማ፣ በመድኃኒት ካርቶን ጠርዝ መስመር አሰመረች። በቁመት ቀኖቹን ጻፈች፤ ከጠዋት አንድ ሰዓት እስከ ማግሥቱ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ልጅቷ እስከምትመዘንበት። በአግድም የገባ፣ የወጣ፣ ልዩነት፣ ክብደት።

መጀመሪያ ራሷ ተሳሳተች። የወተቱን ስምንት መቶ ሚሊ ሊትር ብላ ጻፈች፤ መቶ መቶ ስምንት ጊዜ። ቆየችና ሰረዘችው። ይህ የቀረበላት እንጂ የጠጣችው አይደለም። የተረፈውን እየቀነሰች እንደገና ደመረች።

የሰኞው ቀን፣ ወተት ሰባት መቶ፣ ሬሶማል ሁለት መቶ፤ የገባ ዘጠኝ መቶ። ከእርጥቡ ዳይፐር የደረቁን ክብደት ቀንሳ፣ አንዱን ግራም እንደ አንድ ሚሊ ቆጥራ፣ ትውከቱንም ጨምራ የወጣው ሰባት መቶ አርባ። ልዩነቱ መቶ ስድሳ። በላብና በትንፋሽ የሚወጣ፣ ማንም የማይለካው ደግሞ አለ፤ በከሚሴ ሙቀት ለእንዲህ ያለች ልጅ ሁለት መቶ ያህል ይገመታል። እሱ ሲነሳ ልጅቷ አርባ ግራም ያህል መቀነስ ነበረባት። ሚዛኑ ሃያ ቀነሰች አለ። ተስማሙ። ዑሙልኸይር በሆዷ አመሰገነች፤ ሠንጠረዡ ይሠራል።

ማክሰኞ፣ የገባ ስምንት መቶ ዘጠና፣ የወጣ ስድስት መቶ አርባ። ላቡ ሲነሳ ሃምሳ ልትጨምር ይገባል። ሚዛኑ ግን ሁለት መቶ አለ። ረቡዕ፣ የገባ ስምንት መቶ ስድሳ፣ የወጣ ስድስት መቶ አሥር። እንደገና ሃምሳ። ሚዛኑ ሁለት መቶ ስድሳ። ማክሰኞ መቶ ሃምሳ፣ ረቡዕ ሁለት መቶ አሥር ግራም፣ ከየትም ያልተጻፈ፣ ልጅቷ ውስጥ ገብቷል።

ዶክተር ኤርሚያስ ተመልሶ ወረቀቱን ሲያይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አንዱ ዳይፐር ሳይመዘን ተጥሎ ቢሆንስ?»

«እሱማ ቢሆን የወጣው ይበዛል። ያኔ ከሚዛኑ ጋር ያለው ክፍተት ይሰፋል እንጂ አይጠብም።»

ትንሽ አሰበና ሣቀ። «ልክ ነዎት። ሚዛኑስ?»

«በአምስት ኪሎው መፈተሻ ሞከርኩት። ድፍን አምስት።»

«እንግዲህ የምትጠጣው ነገር አለ» አለ ዶክተሩ። «ያልነገሩን።»

ዑሙልኸይር ወደ አልጋው ሄደች። ረቢአ አጠገብ እማ አሻ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«አካም ቡልተኒ፣ እማ አሻ» አለች፣ እንዴት አደሩ ስትል በኦሮምኛ።

«ነጋ፣ ደህና ነን፣ አልሀምዱሊላህ። ወተቷን ለምን ከለከላችኋት? ገና ሥጋ ይዛ ሳትጨርስ።»

«እነግርዎታለሁ። እኛ ከምንሰጣት ወተትና ውሃ ሌላ ያበላችኋት፣ ያጠጣችኋት ነገር አለ?»

«ወላሂ የለም» አሉ እማ አሻ ፊታቸው ቆጣ ብሎ። «ሰኞ ከለከልሽን፣ ተከለከልን። ገንፎ አላልን፣ ሻይ አላልን። እኔ አሻ በሽምግልናዬ ልዋሽሽ?»

ረቢአም አንገቷን ነቀነቀች። ዑሙልኸይር ፊታቸውን አየች። የሚዋሽ ሰው ዐይን አይደለም። ሌላ ሰው ቢሆን ሦስቴ ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር። እሷ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ወሬ ለወጠች።

«ሰኞ ብቻችሁን ነበራችሁ። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ጠያቂው በዛላችሁ፣ አይደል?»

የአሻ ፊት ወዲያው በራ። «አላህ ያክብራቸው። መቼ ሰው ጎደለብን። ትናንት ብቻ አሥራ ሁለት ሰው። ከሮቢት በባጃጅ የመጣ አለ፣ ገበያውን ትቶ የመጣ አለ። ባዶ እጁን የመጣ የለም፤ ሁሉም ቁርአን የተቀራበትን ውሃ ይዞ ነው። ያንዱ ሸህ ያለቀሱበት ዱዓ አለበት፣ ያንዱ ያሲን ተቀርቶበታል።»

አልጋው ሥር ሀይላንዶቹ ተደርድረው ነበር፤ አንዳንዱ ጎደል፣ አንዳንዱ ሙሉ። ዑሙልኸይር ሁለት ቀን ሙሉ በአጠገባቸው ስታልፍ አይታቸዋለች። ደግሞም ዱዓ ሲደረግ ሁለት ጊዜ ቆማ አሚን ብላለች።

«ለነዋልስ እንዴት ነው የምትሰጧት?»

«በክዳኑ ነዋ። የመጣው ሁሉ ሦስት ሦስት ጊዜ፣ ቢስሚላህ እያለ።» ከዚያ አሻ ቀስ ብለው አዩዋት። «ይህ እኮ መጠጥ አይደለም፣ ልጄ። በረከት ነው።»

«በረከት ነው፣ እማ አሻ። እኔም ስታመም እናቴ ሰጥታኛለች።»

ሲሪንጅ አምጥታ አንዱን ክዳን ሞላች፣ መልሳም ሳበችው። ስድስት ሚሊ። ሦስት ጊዜ አሥራ ስምንት። በአሥራ ሁለት ጠያቂ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት። «ማክሰኞስ ስንት ነበሩ?» ረቢአ በጣቷ ቆጠረች፤ ስምንት። መቶ አርባ አራት። ሠንጠረዡ ያጣውን ውሃ ስም ለስም የቆጠሩለት እነዚህ ሁለት ሴቶች ሆኑ።

ዑሙልኸይር ወረቀቱን ለአሻ አሳየቻቸው። ፊደል ባይቆጥሩም ሒሳብ ያውቃሉ። «በርሃብ የተጎዳ ልጅ ልቡ እንደ ደከመ አህያ ነው። ጭነቱ ቢጣፍጥም ቢመርም ለሱ ያው ሸክም ነው። ይህ የጨመረችው ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው። ትንፋሿ የፈጠነው ለዚህ ነው።»

ረቢአ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እኛ ነን እንዴ…»

«እናንተ ወዳችኋት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የበላችውን ጠየቅሁ፣ ዱዓ የተደረገበትን አልጠየቅሁም።»

አሻ አንዱን ሀይላንድ አንሥተው ተመለከቱ። ዑሙልኸይር አላጣደፈቻቸውም። ከልክላ ብትሄድ ጠያቂው እሷ ዘወር ስትል ማጠጣቱ እንደማይቀር ታውቃለች፤ አሻ ካሉ ግን የሮቢት ሰው ሁሉ ይሰማል።

«ዱዓው ይቅር ትያለሽ?»

«እንዴት ብዬ? ዱዓውማ ይጨመር።»

«እንግዲያው» አሉ አሻ፣ ሀይላንዶቹን አንድ በአንድ ወደ ራሳቸው እየሳቡ፣ «ጣታችንን ነክረን ግንባሯን እንዳብሳለን። ውሃውን እናቷ ትጠጣዋለች። እሷም እኮ ሆዷ ውስጥ አንድ አለ።» ቀጥለው ረቢአን ገፋ አደረጓት። «ጠጪ አንቺ። ላንቺ የሚቆጥርብሽ የለም።»

ረቢአ እንባዋን ሳትጠርግ ሣቀች።

ዑሙልኸይር ሠንጠረዡ ላይ፣ ከሬሶማሉ ቀጥሎ አንድ አምድ ጨመረች፤ «የዱዓ ውሃ» ብላ። ዶክተር ኤርሚያስ አይቶ አልሣቀም። የእምነት ነገር ሲሆን ጠያቂ እንጂ አዛዥ አልሆነም። «ይህን አምድ ለሌሎቹም አልጋዎች እናድርገው» አለ ብቻ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጠያቂዎቹ ሲመጡ አሻ በሩ ላይ ቆሙ። አንዱ ወፍራም ነጋዴ ክዳን ሊከፍት ሲል «በል ጣትህን፣ ጣትህን» አሉት። «ልጅቷን እንደ በቆሎ ማሳ ልታጠጣ ነው የመጣኸው?» ሰውየው ደንግጦ ጣቱን ነከረ። ዑሙልኸይር በአዲሱ አምድ ሥር ዜሮ ጻፈች።

ዳይፐሩ እየከበደ መጣ። አሥር ሰዓት ላይ ትንፋሿ አርባ ሁለት ሆነ፤ ቀጭኑን ወተት እንደገና ጀመሩላት፣ በዚያው ልክ። ዓርብ ጠዋት ሚዛኑ ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ አለ። አሻ ቀድመው አዩትና ፊታቸው ጠቆረ።

«ወረደች እኮ።»

«ውሃው ነው የወረደው። ዛሬ ይህ ሊያስደስተን ይገባል።»

ቅዳሜ ስድስት ኪሎ ከስድሳ ሆነች። በውሃው አብጦ የነበረው የዐይኗ ቆብ ተነሥቶ፣ ከሥሩ ትልልቅ፣ ነገር የሚፈልጉ ዐይኖች ወጡ። የገባው፣ የወጣውና ሚዛኑ በጥቂት ግራም ልዩነት ተስማሙ። የሦስት ሰዓቱ ወተት አምስት ደቂቃ ሲዘገይ ነዋል አለቀሰች፤ እንዲያው መነጫነጭ ሳይሆን የራበው ልጅ ልቅሶ፣ ክፍሉን ያናወጠ። ዶክተር ኤርሚያስ ከወዲያኛው አልጋ ዞር ብሎ «አሁን ነው የሁለተኛው ወተት ጊዜ» አለ።

ዑሙልኸይር ሰዓቷን ይዛ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠረች።

«ስንት ሆነ?» አሉ አሻ።

«ሠላሳ ስድስት።»

«ወረደ ማለት ነው?»

«ወረደ፣ እማ አሻ።»

አሻ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «አልሀምዱሊላህ። ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ፣ ልጄ።» ረቢአ ጽዋውን ወደ ልጇ ከንፈር አስጠጋች፤ ነዋልም በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። ጠርዙ ላይ የቀረችውን ጠብታ ሳይቀር ላሰች፤ ዑሙልኸይርም በወተቱ ገጽ ላይ «የተረፈ» በሚለው ሥር ዜሮ ጻፈች።