ቅጽ «ለ»፣ ጥያቄ አሥራ ሰባት

ሴትዮዋ ቢሮ ስትገባ የልብስ ሰፊ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። የእህቷ ልጅ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ጋ ቆመች፤ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ከሩብ ነበር። የሒሳብ ውድድሩ አቤቱታ መቀበያ ዘጠኝ ላይ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ዝርዝር፣ ወደ ቅዳሜው የመጨረሻ ዙር የሚያልፉት አሥራ ሁለት ልጆች ስም፣ አይነካም።

«አሥራ ሦስተኛ ወጣች» አለች ሴትዮዋ። «በሁለት ነጥብ! አንዱን ጥያቄ ባዶ ትታ ነው ይላሉ። እሷ ባዶ አልተውኩም ትላለች።»

የውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢያችን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «እናት፣ ባዶ ሳጥን ባዶ ነው።»

«አክስት ነኝ።»

«አክስት፣ ባዶ ሳጥን ባዶ ነው።»

«ጠርዙ ላይ ጽፋለች እኮ!»

«ጠርዝ አይታረምም። መመሪያው ላይ አለ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

እኔ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ቀና አላልኩም። ጥያቄ አሥራ ሰባት የእኔ ነበር። ስለ ራሳቸው የሚያወሩ አራት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ተወዳዳሪው ከእያንዳንዱ ጎን ባለው ሳጥን ውስጥ እውነት ወይም ሐሰት ብሎ ይሞላል። አራት ነጥብ አለው። ሁለት ሳምንት ደክሜበታለሁ፤ ከወጡት ሁሉ እሱን ነበር የምወደው።

ሰብሳቢው የልጅቷን ወረቀት ከፋይል አውጥቶ ጠርዙን ጮክ ብሎ አነበበ። «መልስ የለውም። ቁጥር 2 እውነት ነው ብል ሐሰት ይሆንብኛል፤ ሐሰት ነው ብል እውነት ይሆንብኛል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ያወጣኸው አንተ ነህ። መልስ አለው ወይስ የለውም?»

«አለው፣ ጋሼ። አንድ ብቻ። ሦስቴ ፈትሼዋለሁ።»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ አወጣች። «የትኛውን ቅጽ ነው የፈተሹት?»

ወረቀቷን ተቀብዬ አየሁ። ቅጽ «ለ» ነበር። እኔ የፈተሽኩት ቅጽ «ሀ»ን ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጎን ለጎን የሚቀመጡ ልጆች እንዳይኮራረጁ ፈተናው በሁለት ቅጽ ይታተማል። እኔ ያስረከብኩት ቅጽ «ሀ» እንዲህ ይላል፦

1. ቁጥር 3 ሐሰት ነው።
2. ቁጥር 4 ሐሰት ነው።
3. ቁጥር 2 እውነት ነው።
4. ከአራቱ እውነት የሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው።

ቁጥር 4 ሐሰት ነው ብለን እንጀምር። ያኔ 2 እውነት ይሆናል፣ 3ም እውነት፣ 1 ደግሞ ሐሰት። እውነቶቹ ሁለት ሆኑ። ግን 4 የሚለው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ሐሰት ሊሆን አይችልም። 4 እውነት ነው ካልን 2 ሐሰት፣ 3 ሐሰት፣ 1 እውነት። እውነቶቹ 1 እና 4፣ ልክ ሁለት። ገጠመ፤ ሌላ መልስ የለውም።

በልጅቷ ወረቀት ላይ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ቦታ ተለዋውጠዋል፦

1. ቁጥር 4 ሐሰት ነው።
2. ቁጥር 3 ሐሰት ነው።

ሦስተኛውና አራተኛው እንዳሉ ናቸው።

ጸሐፊያችን ከኮምፒውተሩ ኋላ ብቅ አለች። «ምነው? በየጥያቄው ሁለቱን መስመር አቀያየርኩ፣ መልሱንም አብሬ አቀያየርኩ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስሠራ ማንም አልሞተም!»

«እርስዎ ምንም አላጠፉም፣ እትዬ» አልኳት። እውነቴን ነበር። በሌሎቹ ጥያቄዎች አንዱ መስመር ስለ ሌላው ምንም አያውቅም፤ ቢቀያየሩ ግድ የላቸውም። የእኔዎቹ በቁጥር ይጠራራሉ። መስመሮቹ ቦታ ሲለቁ በውስጣቸው ያሉት ቁጥሮች ባሉበት ቀሩ። ይህን ሳልነግራት ያስረከብኳት እኔ ነኝ።

ሰብሳቢው የቅጽ «ለ»ን መልስ አወጣ፤ ሐሰት፣ እውነት፣ ሐሰት፣ እውነት። እርሳሱን ይዞ መስመር በመስመር ወረደ። «አንድ፣ አራት ሐሰት ነው ይላል፤ አራት እውነት ነው፣ ስለዚህ አንድ ሐሰት፣ ልክ። ሁለት፣ ሦስት ሐሰት ነው ይላል፤ ሐሰት ነው፣ ልክ። አራት፣ እውነቶቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለት ናቸው፣ ልክ። አለቀ!»

«ሦስተኛውን ዘለሉት» አለች ልጅቷ።

«ሦስት... ሁለት እውነት ነው ይላል። ሁለት እውነት ነው። እና ሦስት ሐሰት ነው ብለናል?» እርሳሱን ወደ ሦስት መለሰ። «እሺ፣ ሦስትን እውነት እናድርጋት።»

«ያኔ ሁለት ሐሰት ይሆናል፣ ሦስት ሐሰት ነው ስለሚል።»

«ሁለትንም ሐሰት እናድርጋት!»

«ያኔ ሦስት ሐሰት ይሆናል፣ ሁለት እውነት ነው ስለሚል።»

እርሳሱ ሁለቱ መስመሮች መሃል ሲመላለስ ቆየ። «ይቺ ልጅ ልታሳብደኝ ነው» አለ።

«እኔን ከጠዋት ጀምሮ» አለች አክስትየዋ።

ተነስቼ ጠረጴዛው ጋ ሄድኩ። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል፤ ለወረቀቱ ነው የነገርኩት። አንዱ ወደሚጠቁመው፣ ያም ወደሚጠቁመው እየተከተሉ መሄድ ነው አልኩ። ዞሮ ወደ ተነሱበት ካመጣ፣ በመንገድ ላይ ስንት «ሐሰት ነው» እንዳለ መቁጠር። ጎደሎ ቁጥር ከሆነ፣ እውነት ብሎ የወጣው ሐሰት ሆኖ ይመለሳል፣ ሐሰት ብሎ የወጣውም እውነት ሆኖ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስታርቀው የለም። ተጋማሽ ቁጥር ከሆነ ዙሩ ከራሱ ጋር አይጣላም፤ የቀሩትን ማየት ነው። እዚህ ሁለት ወደ ሦስት፣ ሦስት ወደ ሁለት። «ሐሰት» ያለው አንድ ቦታ ብቻ። አንድንና አራትን ማየት እንኳ አያስፈልግም።

«ስለዚህ?» አለ ሰብሳቢው።

«ስለዚህ ልክ የጻፈችው እሷ ናት።»

ቅጽ «ለ»ን የወሰዱት ስድሳ ልጆች ናቸው። ዘጠኙ ገምተው የሞሉት ከያዝነው መልስ ጋር ገጥሞ አራት አራት ነጥብ አግኝተዋል።

ሰብሳቢው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእሷ አራቷን እንስጣትና ነገሩ እዚህ ይብቃ።»

«ዘጠኙ ያገኙትስ?» አልኩ። «ጥያቄው ለሁሉም መሰረዝ አለበት።»

«ቅጽ ሀን በትክክል የሠሩት ሊቀጡ?»

«ሌላ መንገድ አይታየኝም» አልኩ። ጸሐፊዋ እስከዚያ ጥያቄ አሥራ ሰባትን ከውጤቱ አውጥታ ዝርዝሩን እንደ አዲስ ደርድራው ነበር። ልጅቷ አሥረኛ ሆነች። ጠዋት አሥራ ሁለተኛ የነበረው ልጅ ወደ አሥራ ሦስተኛ ወረደ።

ሰብሳቢው ስክሪኑን አየ፣ ሰዓቱን አየ። «የለጠፍኩትን ስም አላወርድም። አንድ ወንበር ይጨመር፤ አሥራ ሦስት ይግቡ።» ለእኔ ባዶ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። «ማስታወቂያውን አንተው ጻፍ። "በቴክኒክ ችግር" በለው።»

«ቴክኒክ አይደለም» አልኩና ጻፍኩ፦ በቅጽ «ለ» ጥያቄ 17 መልስ የለውም፤ ስሕተቱ የጥያቄው አዘጋጅ ነው፤ ጥያቄው ለሁሉም ተሰርዟል። ከታች ፈረምኩ።

ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ሲሆን ሰሌዳው ጋ ወጣን። መለጠፊያ አልነበረም፤ አክስትየዋ ከኮሌታዋ ሁለት ስፒል ነቅላ ሰጠችኝ። አዲሱን ዝርዝር በጣቷ እየተከተለች እስከ አሥረኛው ወረደች፣ ከዚያ ልጅቷን ጀርባዋን ቸብ አደረገቻት።

ልጅቷ ያነበበችው ማስታወቂያውን ነው፤ እስከ ፊርማው።

«የቅዳሜውንም ጥያቄ የሚያወጡት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሁለቱንም ቅጽ ይዩልን» አለችና አክስቷን ተከትላ ደረጃውን ወረደች።