ህብረት የምትባል ሌላ ልጅ

አቶ ይስሐቅ ሶዶ ውስጥ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ሸራ ወጥሮ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። የጻፈውን ቃለ መሃላ ጮክ ብሎ ሲያነብ አባይነሽ ከልጇ ከሩታ ጎን ተቀምጣ፣ በጋቢዋ ጫፍ አፏን ይዛ ታዳምጥ ነበር።

«እኔ አመልካች ሩታ ቦልቴ፣ በመታወቂያዬና በሠራሁበት ክሊኒክ የልምድ ማስረጃ ሩታ ቦልቴ ተብዬ፣ ከአንደኛ ክፍል እስከ ዲፕሎማዬ ደግሞ ህብረት ቦልቴ ተብዬ የተመዘገብኩ ስሆን፣ ሁለቱም ስሞች የእኔ የአንዷ ናቸው። ህብረት የምትባል ሌላ እህት የለኝም፤ ኖራኝም አታውቅም።»

«ያቺን መጨረሻዋን ተዋት፣ አቶ ይስሐቅ» አለች አባይነሽ።

«የትኛዋን?»

«ኖራኝም አታውቅም የምትለዋን።»

ይስሐቅ ሳቀ። «እህት አባይነሽ፣ በዚህ ዞን ሁለት ስም የሌለው ሰው ከመጣልኝ አብሬው ፎቶ እነሳለሁ! ስሙ አያስፈራም። የሚያስፈራው የሌላ ሰው ዲፕሎማ ነው መባል ነው። በሩን የምትዘጋው ያቺ ቃል ናት።»

ሩታ እናቷን በክርኗ ነካች። ጤና ጣቢያው የሥራ ውድድሩን አሸንፈሻል ብሏታል። የሰው ሀብት ክፍሉ ግን ማስረጃዎቹን ሲያመሳክር ስሞቹ አልገጠሙለትም፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ ካላመጣሽ ተጠባባቂዋን እንጠራለን አላት። ኮሌጁም ዲፕሎማ ላይ ስም አንቀይርም ብሏል። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ መታወቂያዋ ወደ ትምህርት ቤቱ ስም ይዙር።

«እማዬ፣ በሟች ስም ተማረች ከተባልኩ ዲፕሎማዬ ሐሰተኛ ነው ይሉኛል» አለች ሩታ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሥራው ይቅርና እታሰራለሁ።»

አባይነሽ ይህን ቀን ስትፈራው ኖራለች። ህብረት የበኩር ልጇ ነበረች። ገሱባ ውስጥ አንደኛ ክፍል ገብታ ዓመቱ ሳያልቅ ወባ ወሰዳት። በሚቀጥለው ዓመት ባሏ ቦልቴ ሩታን ይዟት ሄደ፤ ዕድሜዋ አልደረሰም ተባለ። መምህሩ አዝኖላቸው፣ «የእህቷ ስም መዝገብ ላይ አለ፤ ቦታዋ ላይ ትቀመጥ» አላቸው። ቦልቴም እያለቀሰ ተመለሰ። «ስሟ እንኳ አይጥፋብን» አለ። በኋላ እናስተካክለዋለን ሲሉ፣ የስምንተኛ ክፍል ካርዱ በዚያው ስም ወጣ። ቦልቴም ሞተ።

የስም ለውጡ ማስታወቂያ በጋዜጣ ወጥቶ ተቃዋሚ ሳይቀርብ የቀጠሮው ቀን ደረሰ። አባይነሽ ሌሊቱን አልተኛችም። ህብረትን የቀበረው ዕድርተኛ ሁሉ መጥቶ ችሎቱን ይሞላዋል ብላ ፈርታ ነበር። የመጣው ግን ከእሷ ጋር የሚመሰክረው አንጁሎ ብቻ ነው። የቦልቴ ወንድም ነው፤ የትንሿን መቃብር የቆፈረው እሱ ነው። ቀድሞ ገብቶ መስክሮ ሲወጣ ዓይኗን አላየም።

«እንዴት ሆነ?» አለችው።

«ጥሩ ነው። ብቻ ቶሎ መልሺ» ብሎ ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ።

አባይነሽ እጇን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አድርጋ እውነቱን ልትናገር ማለች። ሩታ ከኋላ ተቀምጣለች። ዳኛዋ ወጣት ነበረች፤ ቃለ መሃላውን እያገላበጠች አየችው።

«እናቴ፣ አመልካቿ ልጅዎ ናት?»

«ልጄ ናት።»

«ትምህርት ቤት ህብረት ተብላ የተማረችው እሷ ራሷ ናት?»

«እሷው ናት። አንድም ቀን ሌላ ሰው አልተፈተነላትም!» አለች አባይነሽ። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ጠንካራ ነበር፤ እውነት ነውና።

«ህብረት የምትባል ሌላ ልጅ ወልደዋል?»

«ወልደዋል» ነው ዳኛዋ ያለቻት። «አለዎት ወይ» ብትላት ኖሮ፣ «የለኝም» ብላ ሳትዋሽ ታልፍ ነበር። አባይነሽ ሌሊቱን ሁሉ ያን መልስ ነበር ያዘጋጀችው። የልጅቷ ትኩሳት መዳፏ ላይ የተመለሰ መሰላት።

«እናቴ፣ ጥያቄው ተሰምቶዎታል?»

ከኋላዋ ሩታ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አልወለድኩም» አለች አባይነሽ።

ዳኛዋ ጻፈች። ሰማይ አልተቀደደም፤ ፖሊስም አልተጠራም። አባይነሽ የምታውቀው ክፉ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ይመጣል ብላ ትከሻዋን ሰብስባ ቆማ ነበር፤ የመጣ ግን የለም። ከሰዓት በኋላ ውሳኔው ተነበበ። አመልካቿ ከእንግዲህ ህብረት ቦልቴ ተብላ እንድትጠራ፣ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችም ይህንኑ እንዲያውቁ ታዘዘ።

ኮሪደሩ ላይ ሩታ እናቷን አቀፈቻት፤ እያለቀሰች ሳቀች። «አለቀ፣ እማዬ! በቃ አለቀ። አሁን አንቺም መልመድ አለብሽ፤ ሰው ፊት ሩታ እያልሽ እንዳታስበይኝ።»

«ቤትስ?»

«ቤትም ቢሆን ልመጂው። አንደበት ያዳልጣል።»

አባይነሽ አንገቷን ነቀነቀች። ሁለት ልጆች ወልዳ ነበር። አንዷን አልወለድኩም ብላ ምላለች፤ የሌላዋን ስም ዳኛዋ ወስዳዋለች። ለማን ትነግራለች? ቤተ ክርስቲያን ብትናዘዝ ወሬው ጤና ጣቢያው ድረስ ይሄዳል።

የሬጅስትራሩ ሠራተኛ ማኅተም የተመታበትን ግልባጭ ይዞ ብቅ አለ።

«ህብረት ቦልቴ!» ብሎ ተጣራ።

ልጇ ከአጠገቧ ተለይታ ስትሄድ፣ አባይነሽ ግን የተጠራችው ህብረት ስትገባ ለማየት ወደ ውጭው በር ዞረች።