ታጥባችሁ እንዳትመጡ

በፀጉር ቤቴ ግድግዳ ላይ፣ ከትልቁ መስታወት በላይ፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት ወረቀት ተለጥፏል። «ቀለም የምትቀቡ፣ ታጥባችሁ እንዳትመጡ» ይላል። ቀለም የራስ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሁለት ቀን ያልታጠበ ራስ ግን ወዙ ይከላከልለታል። ይህን ሥራውን ያስተማረችኝ ሴት ነገረችኝ፣ እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ ሕግ አድርጌ ያዝኩት። ታጥባ የመጣችውን ስንቷን ከደጅ መልሻለሁ። በሌለሁበት «ቃሪያ» ይሉኛል አሉ። የነገረችኝ ጥፍር ሠሪዋ ናት፤ ከኔ ወንበር አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ የምትሠራ፣ ወሬ የማያመልጣት ሴት። ስሙ አልከፋኝም። ቃሪያ የሌለበት ገበታ ምን ይጥማል ብያት ሥራዬን ቀጠልኩ።

ሕጌን በማክበር ልብስ ሰፊዋን የሚያህላት አልነበረም። ቤቷ የምትሰፋ፣ እኔን በስድስት ዓመት የምትበልጠኝ ሴት ናት፤ እትዬ እላታለሁ። ሜትሯን ከአንገቷ ማውረድ ረስታ ነው ሁሌ የምትመጣው። ጥቁር ቀለም ስቀባት ዓመታት አልፈዋል፣ አንድም ቀን አላስቸገረችኝም። በቅርቡ ግን ጆሮ ግንዷ ላይና ግንባሯ ዳር ያለው ሽበት እምቢ አለ። ሌላው ራሷ እንደ ከሰል ይጠቁራል፤ እዚያ ዳር ላይ ያለው ታጥቦ ሲደርቅ ነጭነቱን ይዞ ብቅ ይላል።

መጀመሪያ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። እዚያ ቦታ ያለው ሽበት ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ ላዩ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ስለሆነ ቀለም ቶሎ አይገባውም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ እሱን መቀባት ነው ደንቡ፤ እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ሥራ በዝቶብኝ ከማጅራቷ ጀምሬ ፊቷን ለመጨረሻ ትቼው ነበር። በሳምንቱ ስትመለስ ከፊቷ ጀመርኩ። ቆዳዋ እንዳይጠቁር የምቀባላትን ቫዝሊንም ፀጉሩን ነክቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ቀለሙን ወፈር አድርጌ አርባ አምስት ደቂቃ በሰዓት ጠበቅኩ። ታጠበ፣ ደረቀ። ነጩ እዚያው አለ።

«ቀለሙ አሮጌ ይሆን እንዴ?» አለች ጥፍር ሠሪዋ፣ ከደንበኛዋ ጣት ላይ ቀና ሳትል።

«ትናንት ነው የከፈትኩት። አንቺ ጥፍርሽን ጠብቂ» አልኳት።

ለሦስተኛ ጊዜ የመጣችው ሐሙስ ጠዋት ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሻርፗን ከግንባሯ ገፋ አደረገችና በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ምንም አልተናገረችም። አለመናገሯ አናደደኝ። ሰው ሲሰድበኝ መመለስ እችልበታለሁ፤ ዝም ብሎ የሚያየኝን ግን ምን እንደማደርገው አላውቅም። በዚያ ላይ በኔ እጅ ያልጠቆረ ሽበት ይዛ በየደጁ ስትዞር ሳስበው ስሜ ሲጠፋ ታየኝ።

«እንግዲህ እትዬ» አልኩ፣ «እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ። አንዳንዱ ሽበት ግትር ነው። ዕድሜ ነው፣ ተቀበይው። በአምሳ ሁለት ዓመትሽ ማን ዞር ብሎ እንዲያይሽ ነው ይህ ሁሉ መከራ?»

ጥፍር ሠሪዋ ሞረዷን አቆመች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ብመልሰው ብዬ ተመኘሁ፣ ግን የት ተገኝቶ።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና ጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች። ጠቅልላ ስትጨርስ ፈታችው።

«እናቴ ናት የምታየኝ» አለች።

እናቷ እሷ ጋር እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ከመታቸው በሽታ ወዲህ ግራ እጃቸው እንደማይታዘዝላቸውና ነገር እንደሚረሱም ሰምቻለሁ። ከዚያ ያለፈውን ነግራኝ አታውቅም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

«እሷ የምታስታውሰኝ ጥቁር ፀጉር ይዤ ነው» አለች። «ጠዋት መጋረጃው ሳይገለጥ፣ መነጽሯን ሳታደርግ፣ በድምፄ ታውቀኛለች። ልጄ ትለኛለች። ከዚያ መጋረጃው ሲከፈት፣ መነጽሯን ሳደርግላት፣ ግንባሬን ታያለች። እንደ እንግዳ ታየኛለች። አንቱ ትለኛለች እህቴ። እናቴ አንቱ አለችኝ። ይቀመጡ፣ ልጄ አሁን ትመጣለች፣ እሷ ሳትመጣ ምሳ አልበላም ትላለች። እኔ ሳህኑን ይዤ ፊቷ ቁጭ ብያለሁ፣ እሷ እኔን ትጠብቃለች።»

«አትበላም?»

«ከእንግዳ እጅ አትጎርስም። ያለፈውን ሳምንት በሻይ ነው የከረመችው። ራሴን በሻርፕ ስጠቀልል ደግሞ ጭራሽ ፈራችኝ። እናንተ ጋ ስቀባ ዓመት ሙሉ እንዲህ አልነበረም። አንቺ ግን ዕድሜ ነው ካልሽ...»

አንጀቴን በላችው። አፍሬ ወዴት እንደምመለከት ጠፋኝ፤ እጄ ብቻ ሥራ ያውቃልና የውሃ መርጫውን አነሳሁ። ፀጉሯን አርጥቤ በደንብ ልየው ብዬ በቀኝ ጆሮ ግንዷ በኩል ረጨሁ፤ ፀጉሩ ውሃውን ጠጥቶ ተኛ። በግራ በኩል ረጨሁ። ውሃው ሳይገባ ነጠብጣብ ሆኖ ፀጉሩ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ተንከባሎ አንገቷ ላይ ወረደ።

ደግሜ ረጨሁ። ያው ነው። ያኔ ነው ከሁለት ሳምንት በፊት ማየት የነበረብኝን ያየሁት፤ በቀኝ በኩል ሽበቱ ቀለም ይዟል። እምቢ ያለው ግራው ብቻ ነው፣ ከግራ ጆሮ ግንዷ እስከ ግንባሯ መሐል። ዓይኔ ነጩ ላይ ተተክሎ ከነጩ ማዶ ያለውን አላየም። ሽበት ደግሞ ግትር ቢሆን በሁለቱም ወገን ነው እንጂ ጎን አይመርጥም።

«እዚህ ጋ ምን ትቀቢያለሽ?»

«እኔ? ምንም።»

በጣቴ ዳበስኩትና አሳየኋት። ጣቴ አብረቀረቀ። ሌላ ሴት ብትሆን የተቀባች መሆኗን ገና ሳበጥራት አውቅ ነበር ልበል? አላውቅም ነበር። ሕጌ ሁሉንም ሳይታጠቡ ያመጣቸዋል፤ ወዝ ያለው ራስ ለኔ ብርቅ አይደለም።

ልብስ ሰፊዋ ጣቴን አየች፣ በመስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች። እጇን አንስታ በዝግታ ግራ ጆሮ ግንዷን ነካች።

«እማዬ ናት» አለች። «ጠዋት ጠዋት፣ መጋረጃው ሳይገለጥ። አልጋዋ ጎን ተንበርክኬ ካልሲዋን ሳደርግላት ከትራሷ ሥር ያለችውን ቆርቆሮ ታወጣና ትቀባኛለች። ተማሪ ቤት ስትሄጂ ግንባርሽ ደርቆ ሰው እንዳይስቅብሽ ትለኛለች። እኔም እሺ እማዬ እላለሁ። ክረምት ላይ ነው የጀመራት፤ እጅ እንደመሳም ሆኖብኝ ቅባት መሆኑን ከነጭራሹ ረስቼዋለሁ።»

«በአንድ እጃቸው?»

«በቀኟ። ፊት ለፊቷ ስለምሆን በዚህ በግራዬ በኩል ነው የሚያርፈው። እንደ በፊቱ ፀጉሬን ቶሎ ቶሎ ብታጠብ ይለቅ ነበር። ግን አንቺ ጋ ለመምጣት ስል...» ወደ ወረቀቱ ቀና አለች። «ይኸው በየሳምንቱ እየተመላለስኩ መታጠቡን ተውኩት። ከቀለም በኋላ ካንቺ በቀር ውሃ ያስነካው የለም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እዚያ ቤት ውስጥ ሁለታችንም ነበርን፣ ወረቀቱም እኔም። ለሷ ቀለም እምቢ ያለው ዕድሜዋ አልነበረም። በየማለዳው የሚደራረብ የእናት ቅባት ነበር፣ ጠባቂው ደግሞ የኔ ሕግ።

«ተነሽ እትዬ» አልኳት። «ላጥብሽ ነው።»

«ሳይቀባ?» አለች ደንግጣ።

«ሳይቀባ።»

ጥፍር ሠሪዋ ይህን ስትሰማ ቀና ብላ ወረቀቱን፣ ከዚያ እኔን አየች።

ዳሩን ብቻ፣ ቆዳዋን እንዳልቧጭር በጣቴ ጫፍ፣ በሻምፑ ሁለት ጊዜ አጠብኩት። የመጀመሪያው ሻምፑ አረፋ እንኳ አላወጣም፤ ሁለተኛው አወጣ። አደረቅኩት፣ ውሃ ረጭቼ ፈተንኩት፤ እንደ ቀኙ ጠጣ። ደግሜ አደረቅኩና ከቀለም ጋር የምደባልቀውን ክሬም ለብቻው ሽበቱ ላይ አድርጌ አሥር ደቂቃ ተውኩት፤ የጠነከረ ሽበት በዚያ ይለሰልሳል፣ ላዩም ይከፈታል። ጠርጌ፣ አድርቄ፣ ቀለሙን ከዚያው ከዳሩ ጀመርኩ፤ በትንሹ ብሩሽ፣ ከሥሩ፣ ከላይም ከታችም። አጫጭሮቹ ፀጉሮች ተነስተው እንዳይደርቁ ቀጭን ጥጥ ጫን አደረግኩባቸው። ቀለም ከደረቀ ሥራውን ያቆማል።

አርባ አምስቱን ደቂቃ ሌላ ደንበኛ አልነካሁም። እኔ ከኋላዋ ቆሜ፣ እሷ ስለ እናቷ አወራችኝ። በወጣትነታቸው ሳቂታ እንደነበሩ፣ ለልጃቸው ፀጉር ሲሉ ማበጠሪያ ከጎረቤት ይዋሱ እንደነበር ነገረችኝ። እናቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ነው የመጣችው፤ በየመሐሉ ሰዓቷን ታያለች። ስትታጠብ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ሳደርቀውም አልገለጠችም።

«ግለጪ» አልኳት።

ከጆሮ እስከ ጆሮ ጥቁር ነበር። ሜትሯን አንገቷ ላይ መልሳ፣ ሻርፗን እጇ ላይ አንጠልጥላ፣ ራሷን ሳትሸፍን ወጣች። ይቅርታ ልላት ይገባኝ ነበር። በሩ ላይ ተከትያት ሄጄ «እትዬ፣ ቅድም ያልኩሽን...» ስላት እጄን ያዝ አደረገችና «ሰዓት ሄደብኝ» ብላ ፈጠነች።

ቅዳሜ ሳትቀጥር መጣች። ደንበኛ እያበጠርኩ ነበር። በሩን ከፍታ ሳትገባ ግራ ጆሮ ግንዷን ወደ ብርሃኑ አዞረችልኝ። ፀጉሩ ጥቁር ነው፤ በላዩ ላይ ግን ቅባቱ አብረቅርቋል፣ እስከ ቅንድቧ ወርዷል።

«ሐሙስ ምሳ በላች» አለች። «መነጽሯን አድርጋ፣ በብርሃን፣ ከእጄ። ስታኝክ አየችኝና ማነው እንዲህ ያጠበሽ፣ ቅባቴን አጥፍቶብሻል፣ እጁ ይያዝና አለች።»

ሳቅኩ። ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ እርግማን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ከዚያ ቆርቆሮውን አወጣች፤ ዛሬም ቀባችኝ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እህቴ፣ ለቀጣዩ እምቢ ልበላት? በእጄ ልቀበላትና እኔው ልቀባ ብላት...»

«ምንም እንዳትያት» አልኩ። «እሳቸው ይቀቡ። ማጠቡ የኔ ሥራ ነው።»

ስትሄድ ወንበር ላይ ወጣሁና ከወረቀቱ ሥር በእስክሪብቶ «ቅባት የሚቀባችሁ ሰው ካለ ንገሩኝ» ብዬ ጨመርኩ። ጥፍር ሠሪዋ ጮክ ብላ አነበበችው፤ «ቃሪያው በሰለ» አለችና ወደ ሞረዷ ተመለሰች።

ከወንበሩ ስወርድ መስታወቱ ውስጥ ራሴን አየሁ። እናቴ ካረፈች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እጄን አንስቼ ጆሮ ግንዴን ነካሁት። ደረቅ ነበር።